ሲቪ ላይ ረጅም ክፍተት ላለው ሰው፦ ከኢንተርቪው በኋላ ምን ተብሎ ይጻፍ? አራት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ኢንተርቪው አልቋል። "እናሳውቅሻለን" ተብሏል። ሲቪው ላይ ግን ወደ ስድስት ዓመት የሚጠጋ ባዶ ቦታ አለ። አሁን ለድርጅቱ አጭር መልእክት መላክ ተፈልጓል፤ ምን እንደሚባል ግን ግራ ያጋባል። አንዷ ጓደኛ "አመስግኚና ዝም በይ" ትላለች። ሌላዋ "ለምን እንደቆየሽ አስረጃቸው" ትላለች። ወንድም "ሥራውን እንደምትችይ አሳዪያቸው እንጂ" ይላል። ጎረቤት ደግሞ "አንድ ወር በነጻ ልሥራ በያቸው፣ እምቢ አይሉሽም" ትላለች።

ሁሉም የሚመክሩት በቅን ልብ ነው። አራቱ መልእክቶች ግን አንባቢው ጋ ሲደርሱ የሚያመጡት ውጤት ለየቅል ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለች የሂሳብ ባለሙያ እንበል። ከመውጣቷ በፊት ስምንት ዓመት ሠርታለች። በ2012 ዓ.ም. ሥራ ለቀቀች፤ እናቷን ስታስታምምና ሁለት ልጆች ስታሳድግ ቆየች። በ2018 መጀመሪያ ላይ አንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠራት። ጥያቄዎቹን ጥሩ አድርጋ መለሰች፤ አንዱ ላይ ግን ተደናቀፈች። የፋይናንስ ኃላፊው "ይህን ያህል ጊዜ ከሥራ ርቀሻል፤ አሁን ያለውን የግብር አሠራር ታውቂዋለሽ?" አላት። "አዎ፣ እከታተላለሁ" ብላ አለፈችው። እሱም አንገቱን ነቀነቀና ወደ ሌላ ጥያቄ ሄደ።

ቤቷ ስትደርስ የምትጽፈው መልእክት ዋና ሥራው ያንን "እከታተላለሁ" ማጠናከር ነው። ምስጋናው ራሱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

## በምን እንመዝናቸው?

አራቱን ከማየታችን በፊት መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ። አራት ይበቃሉ።

የሚጣራ ነገር አለው? "ዝግጁ ነኝ"፣ "በፍጥነት እማራለሁ"፣ "ታታሪ ነኝ" ማንም ይላል። ቀጣሪው እነዚህን የሚያጣራበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ያልፋቸዋል። ቀን፣ ሰዓት፣ ስሌት፣ የታደሰ ፈቃድ ግን ይጣራሉ።

የተዘጋውን ክፍተት መልሶ ይከፍታል? ኢንተርቪው ላይ ጉዳዩ ተነስቶ በሰላም ካለፈ፣ በማግስቱ ሦስት አንቀጽ ማብራሪያ መላክ ያልነበረ ጥርጣሬ ይፈጥራል።

ለሌላ ሰው ቢተላለፍ ይገባል? ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መልእክቱን የምትቀበለው የሰው ኃይል ክፍል ባልደረባ ናት፤ ብዙ ጊዜ የምትወስነው ግን እሷ ብቻ አይደለችም። ለፋይናንስ ኃላፊው ታስተላልፈዋለች። እሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ ሆኖ ስልኩ ላይ ያየዋል። በአንድ እይታ የሚጨበጥ ነገር ከሌለው እዚያው ይቀራል።

ነገ ቢይዟት ትወጣዋለች? "ከነገ ጀምሮ እገባለሁ" ብላ ጽፋ ልጆቹን የሚይዝላት ሰው ካላገኘች፣ የመጀመሪያው ቃሏ ገና ከመቀጠሯ ፈረሰ ማለት ነው።

## አንደኛ፦ ምስጋና ብቻ

> ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሌ፣
>
> ትናንት ለሂሳብ ባለሙያ የሥራ መደብ ስላደረጋችሁልኝ ቃለ መጠይቅ አመሰግናለሁ። ስለ ሥራው የሰጣችሁኝ ማብራሪያ ፍላጎቴን ጨምሮታል። ተጨማሪ ማስረጃ ካስፈለገ በዚህ ስልክ ታገኙኛላችሁ።
>
> ከአክብሮት ጋር

ጉዳት የለውም። ጨዋ ነው፣ አጭር ነው፣ ክፍተቱን አያነሳም። ችግሩ ምንም አለመጨመሩ ነው። ከስምንት ተወዳዳሪዎች አምስቱ ተመሳሳይ ነገር ቢልኩ የእሷ ከሌሎቹ በምንም አይለይም። ለሌላ ሰው የሚተላለፍበት ምክንያትም የለም።

የሚሻልበት ጊዜ ግን አለ። ስለ ክፍተቱ ጠይቀው በመልሱ ከረኩ፣ ወይም ጨርሶ ካልጠየቁ፣ ወይም በዚያው ቀን የሥራ ልምድ ደብዳቤና የዋስ ሰነድ እንድታመጣ ከነገሯት፣ ይህ ይበቃል። እንዲያ ሲሆን ከመጨመር መተው ይሻላል።

## ሁለተኛ፦ ስለ ክፍተቱ ማብራሪያ

ይህኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይጻፋል፦

> ለረጅም ዓመታት ከሥራ ርቄ በመቆየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እናቴ በስኳርና በኩላሊት በሽታ በጠና ታማ ስለነበር እሷን ማስታመም ግዴታዬ ሆኖ ነበር። ልጆቼም ትናንሽ ስለነበሩ ቤት ለመቀመጥ ተገደድኩ። አሁን ግን እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም ነገር ተስተካክሏል። ዕድሉን ብትሰጡኝ አላሳፍራችሁም።

ሰው ሆኖ ላነበበው ልብ ይነካል። ቀጣሪ ሆኖ ላነበበው ግን ሦስት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ይቅርታው ጥፋት እንዳለ ያስመስላል፤ እናትን ማስታመም ጥፋት አይደለም። ሁለተኛ፣ የእናቷን የበሽታ ዓይነት ለማታውቃቸው ሰዎች ተናገረች። መልእክቱ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ምርመራውም አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ "አላሳፍራችሁም" የሚለው ልመና ነው። ልመና ደግሞ የደመወዝ ድርድር ላይ መልሶ ይመጣል።

ጉዳዩ ጭራሽ አይነሳ ማለት አይደለም። ማንሳት ካስፈለገ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ባለፈ ጊዜ፣ የተዘጋ ነገር አድርጎ ነው፦

> ከ2012 እስከ 2017 ዓ.ም. የቤተሰብ ኃላፊነት ይዞኝ ነበር፤ ያ ጊዜ አብቅቷል። ከኅዳር 1 ጀምሮ በሙሉ ሰዓት፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30፣ መሥራት እችላለሁ።

እዚህ ላይ ዝርዝር የለም፣ ይቅርታም የለም። ሰዓቱ ግን አለ። ቀጣሪው በሆዱ የሚያስበው "ልጅ ታመመ ብላ ስንት ቀን ትቀራለች?" የሚለውን ነው። አፍ አውጥቶ አይጠይቅም ይሆናል። የሰዓቱ መጻፍ ላልተጠየቀው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ልጆቹን ማን እንደሚይዝ መጻፍ ግን አያስፈልግም፤ እሱ የቤቷ ጉዳይ ነው።

ኃላፊነቱ ካልተዘጋስ? እናት አሁንም ታመው ቤት ካሉ "አብቅቷል" ማለት ውሸት ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ ይታወቃል። ያኔ ሰዓቱን ብቻ መጻፍ፣ ስለ ቀሪው ዝም ማለት ነው። የሚጻፈው ሰዓት ደግሞ በእርግጥ የሚከበር ይሁን።

## ሦስተኛ፦ ማስረጃ ማቅረብ

በእኔ እምነት ለምሳሌያችን ሴት የሚበጀው ይህ ነው። ሰፋ አድርጌ የማየውም ለዚህ ነው።

የቀጣሪው ስጋት ባዶ አይደለም። እሷ ቤት በነበረችበት ጊዜ የሂሳብ ሰው የሚሠራባቸው ሕጎች ተቀይረዋል። አዲስ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ በ2016 ወጥቷል። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ተሻሽሎ የደመወዝ ግብር መጠኑ ተለውጧል። ቀድሞ ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ሲሆን አሁን 2,000 ብር ሆኗል። 35 በመቶው ቀድሞ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር፤ አሁን ከ14,000 ብር በላይ ነው። ይህን ሳያውቅ ፔይሮል የሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ወር ላይ ሠራተኛውን ሁሉ ያስጮሃል።

እንግዲህ ያቺ "እከታተላለሁ" ያለችው ሴት ቤቷ ቁጭ ብላ ሦስት ደመወዝ ትወስድና በሁለቱም መጠን ታሰላለች።

የ20,000 ብሩን እንየው። በአዲሱ መጠን የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ቀጣዩ 2,000 ብር በ15 በመቶ 300 ብር ይሆናል። ቀጥሎ ያለው 3,000 ብር በ20 በመቶ 600፣ ከዚያ ያለው 3,000 ብር በ25 በመቶ 750፣ ከዚያ ያለው 4,000 ብር በ30 በመቶ 1,200 ነው። ከ14,000 በላይ የቀረው 6,000 ብር በ35 በመቶ 2,100 ይመጣል። ድምሩ 4,950 ብር። በቀድሞው መጠን ቢሰላ ግን 5,500 ብር ነበር። ልዩነቱ 550 ብር ነው። አበል ከሌለና የሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 1,400 ብር፣ ሲቀነስ እጅ የሚገባው 13,650 ብር ይሆናል።

ለ5,000 ብር ደመወዝ ግብሩ ከ697.50 ወደ 500 ብር ይወርዳል። ለ10,000 ብር ደግሞ ከ2,045 ወደ 1,650። ሦስቱ በአንድ ገጽ ይሰፍራሉ። መልእክቱ እንዲህ ይሆናል፦

> ጉዳዩ፦ የማክሰኞው ቃለ መጠይቅ፤ ስለ ደመወዝ ግብር ለተነሳው ጥያቄ ተጨማሪ
>
> ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሌ፣
>
> ማክሰኞ ስለሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። የፋይናንስ ኃላፊው ስለ አሁኑ የግብር አሠራር ሲጠይቁኝ መልሴ አጭር ነበር። የ5,000፣ የ10,000 እና የ20,000 ብር ደመወዝን በቀድሞውና በተሻሻለው መጠን አስልቼ በአንድ ገጽ አያይዣለሁ። ለምሳሌ የ20,000 ብሩ ግብር ከ5,500 ወደ 4,950 ብር ወርዷል።
>
> ከኅዳር 1 ጀምሮ በሙሉ ሰዓት መሥራት እችላለሁ።
>
> ከአክብሮት ጋር

"ዝግጁ ነኝ" የሚል የትም የለም። ክፍተቱም አልተጠቀሰም። የፋይናንስ ኃላፊው ግን ስልኩ ላይ ሲያየው 4,950ን ያውቀዋል፤ የሚሠራበት ቁጥር ነው። አባሪውን ባይከፍተው እንኳ አንዱ ምሳሌ መልእክቱ ውስጥ አለ። ጉዳዩ ላይ "ማክሰኞ" እና "የደመወዝ ግብር" የሚሉት መጻፋቸውም ለዚሁ ነው። "የምስጋና ደብዳቤ" የሚል ርዕስ ሳይከፈት ያድራል፤ ይህኛው ወደ ማን መተላለፍ እንዳለበት ራሱ ይናገራል።

አደጋው አንድ ነው፤ ትልቅ አደጋ ግን ነው። ስሌቱ ከተሳሳተ አለቀ። ክፍተት ያለው ሰው የላከው የተሳሳተ ፔይሮል ጥርጣሬውን በጽሑፍ ያረጋግጣል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት ሥራ ላይ ያለ አንድ የሂሳብ ሰው ይየው። ቀላል መፈተኛም አለ። አሁን ደመወዝ የሚቀበል ዘመድ ወይም ጓደኛ የደመወዝ ወረቀቱን ካሳየ፣ በዚያ ደመወዝ ማስላትና ከተቆረጠው ጋር ማስተያየት ነው። ካልገጠመ ወይ አበል አለበት ወይ ስሌቱ ላይ ስህተት አለ። ምክንያቱ ሳይታወቅ መላክ የለበትም።

ሁለት ትናንሽ ጥንቃቄዎችም አሉ። አንደኛው ድምፀቱ ነው። "አዲሱን አዋጅ በተመለከተ ላብራራላችሁ" የሚል መልእክት ኃላፊውን ተማሪ ያደርገዋል፤ "መልሴ አጭር ነበር" የሚለው ግን ሸክሙን ራሷ ላይ ያደርጋል። ሁለተኛው ያልነኩትን አለመጻፍ ነው። ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ለመጨረሻ ጊዜ የከፈተችው በ2012 ከሆነ "ፒችትሪ በሚገባ እችላለሁ" ማለት አያዋጣም። "በዚህ ወር በልምምድ መዝገብ የአንድ ወር ፔይሮልና የባንክ ማስታረቂያ ሠርቼበታለሁ" ማለት የሚቻለው ከተሠራ ብቻ ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር እውነት እንድትሆን ኮምፒውተር ያለው ሰው ጋ ሁለትና ሦስት ማታ መቀመጥ ይበቃል።

ለሌላ ሙያም አካሄዱ ያው ነው፤ የሚቀየረው ማስረጃው ነው። ነርስ ብትሆን የሙያ ፈቃዷ የታደሰበት ቀን፣ ሾፌር ቢሆን የመንጃ ፈቃዱ ደረጃና የሚያበቃበት ቀን፣ አስተማሪ ብትሆን ለተጠየቀችው ክፍል ያዘጋጀችው የአንድ ሳምንት የትምህርት ዕቅድ። መለኪያው ኢንተርቪው ላይ የተንገዳገደችበትን ጥያቄ የሚመልስ መሆኑ ነው። ከዚያ ውጭ ያለ ሰርተፍኬት ሁሉ ቢያያዝ ክምር ነው።

## አራተኛ፦ "ፈትኑኝ" ማለት

የጎረቤት ምክር፦

> እምነት እንዲያድርባችሁ የመጀመሪያውን አንድ ወር ያለ ደመወዝ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ።

አትጻፉት። ምክንያቱ ኩራት ብቻ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ካልሆነ ቀጣሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። ማለትም ቀጣሪው የሚፈትንበት በቂ ጊዜ ሕጉ ራሱ ሰጥቶታል፤ ደመወዝ እየከፈለ። ነጻ ወር የምትሰጠው ሴት ያለውን ነገር በራሷ ኪሳራ ትደግምለታለች። ከዚያ ደመወዝ ሲነሳ ደግሞ መነሻው ዜሮ ሆኖ ይጠብቃታል።

"ደመወዝ አያሳስበኝም"፣ "የትኛውም የሥራ መደብ ላይ ብትመድቡኝ" የሚሉትም የዚህ ዘመዶች ናቸው። ሁለተኛው በተለይ ይጎዳል። ለሂሳብ ባለሙያነት የተወዳደረች ሴት የትኛውንም ሥራ እሠራለሁ ስትል ለሂሳቡ ራሷን አላመነችም ማለት ይሆናል።

የዚህ አማራጭ ጤናማ መልክ ግን አለ። የሙከራ ጊዜውን አለመፍራትና በውስጡ የሚለካ ነገር ማስቀመጥ፦

> በሙከራ ጊዜው የመጀመሪያውን ወር ፔይሮልና የባንክ ማስታረቂያ ራሴ ዘግቼ ለፋይናንስ ኃላፊው ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ። ከዚያ በፊት የጽሑፍ ፈተና ካላችሁም በሚመቻችሁ ቀን እመጣለሁ።

ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ከባድ ቃል ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ መዝገብ ያልዘጋ ሰው የማያውቀው ድርጅት መዝገብ ውስጥ ገብቶ በመጀመሪያው ወር ልዝጋ ሲል መለማመዱን እርግጠኛ መሆን አለበት። የቀድሞ ሠራተኛ የተወው መዝገብ የተዘበራረቀ ከሆነ ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን ቃሏ ይፈርሳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ "የጽሑፍ ፈተና ካላችሁ እመጣለሁ" የሚለው ብቻ በቂ ነው። እሱን ከጻፉ ደግሞ በማግስቱ ቢጠሩ ለመሄድ ተዘጋጁ።

## በአጭሩ

| አማራጭ | የሚጣራ ነገር | ክፍተቱን መልሶ ያነሳል? | ለሌላ ሰው ሲተላለፍ | የመፍረስ አደጋ | የሚፈልገው ወጪና ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ምስጋና ብቻ | የለም | አያነሳም | የሚተላለፍበት ምክንያት የለም | የለም | አሥር ደቂቃ |
| ረጅም ማብራሪያ | የለም | በደንብ ያነሳል | የግል ነገር ይዞ ይሄዳል | መካከለኛ | ወጪ የለም፣ ክብር ያስከፍላል |
| የአንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያና ሰዓት | ቀንና ሰዓት | በጥቂቱ | ጥሩ | ሰዓቱ ካልተከበረ | ልጅ የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ማግኘት |
| ማስረጃ | ስሌት፣ ፈቃድ፣ ዕቅድ | አያነሳም | ከሁሉ የተሻለ | ስህተት ካለበት ከፍተኛ | አንድ ቀን ሥራ፣ የሚያይለት ባለሙያ |
| ነጻ ሥራ | የለም | በተዘዋዋሪ ያነሳል | ደካማ | ደመወዙን ይጎዳል | የአንድ ወር ደመወዝ |
| የሙከራ ጊዜ ግብ ወይም ፈተና | ግቡ ወይም ፈተናው ራሱ | አያነሳም | ጥሩ | ከፍተኛ | ጥቂት የልምምድ ምሽቶች |

## ለማን የቱ ይሁን?

ገንዘብም ጊዜም ለሌላት። ኮርስ መክፈል አይጠበቅባትም። ከላይ ያለው ስሌት ወረቀትና ካልኩሌተር ነው የሚፈልገው። ሦስተኛውን በስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ገጹን በእጅ በንጹሕ ጽፎ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ማስተየብና ፒዲኤፍ ማድረግ ነው። የወረቀት ፎቶ መላክ አይመከርም፤ ሲከፈት ይጨልማል፣ ጎን ለጎን ይገለበጣል።

ኮርስ ለመውሰድ አቅም ላላት። ሰርተፍኬቱን ሳይሆን ኮርሱ ላይ የሠራችውን ነገር ትጥቀስ። "የሦስት ወር ሥልጠና ወስጃለሁ" ከሚለው "በሥልጠናው የአንድ አስመጪ ድርጅትን የሦስት ወር መዝገብ ከመክፈት እስከ መዝጋት ሠርቻለሁ" ይበልጣል። ኮርሱ ገና ካላለቀ የሚያልቅበትን ቀን መጻፍ ይቻላል።

ክፍተቱ በውጭ አገር ሥራ ለሆነባት። ከዓረብ አገር ተመልሳ በቀድሞ ዲፕሎማዋ ለመሥራት የምትፈልግ ሴት ብዙ ጊዜ ያንን ጊዜ ትደብቃለች። መደበቅ ባዶውን ያሰፋዋል። "ከ2011 እስከ 2016 ዓ.ም. በውጭ አገር በሌላ ሥራ ተቀጥሬ ሠርቻለሁ" ብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካለፈች በኋላ ወደ ማስረጃው ትግባ። ሥራ ላይ እንደነበረች መታወቁ አይጎዳትም። ዓረብኛ የምትችል ከሆነና ድርጅቱ ከዓረብ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ከሆነ ደግሞ አንድ መስመር ይጨመር።

ኢንተርቪው ላይ ስለ ክፍተቱ ጠንከር ብለው ለጠየቋት። የአንድ ዓረፍተ ነገሩን ማብራሪያና ማስረጃውን ታጣምር። ማስረጃው ይቅደም፣ ማብራሪያው ይከተል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንባቢው ስሌቱ ጋ ሳይደርስ ስሜቱ ይቀየራል።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ለተወዳደረች። እዚያ በተለምዶ ፈተናና ነጥብ ነው የሚያወዳድረው፤ መልእክት ብዙ አይቀይርም። አንደኛው አማራጭ ይበቃል። ጉልበቷን ለፈተናው ታውል።

## መቼ ይላክ? ዝም ካሉስ?

የመጀመሪያው መልእክት በማግስቱ ጠዋት ቢላክ ጥሩ ነው። ኢንተርቪው ዓርብ ከሰዓት ከነበረ ሰኞ ጠዋት ይሻላል፤ ቅዳሜ የተላከ መልእክት ሰኞ ላይ ከታች ይቀበራል። ስሌቱን የሚያይ ሰው እስኪገኝ አንድ ቀን ቢዘገይ ምንም አይደለም። ኢንተርቪው የተደረገበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ከነበረ መልእክቱም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ስለ ይዘቱ ያልኩት ግን አይቀየርም።

"በሁለት ሳምንት እናሳውቃለን" ብለው ከሆነ ሁለቱ ሳምንት ካለፈ በኋላ ሌላ ሦስት ወይም አራት የሥራ ቀን መጠበቅ ነው። ሁለተኛው መልእክት "ውጤቱ ምን ደረሰ?" ብቻ ከሆነ መልሱም "ገና ነው" ብቻ ይሆናል። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

> ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሌ፣
>
> ለሂሳብ ባለሙያ መደብ ጥቅምት 4 ቃለ መጠይቅ አድርጌ ነበር። ውሳኔው ገና ከሆነ ባለፈው መልእክት የገለጽኩት የመነሻ ቀን ኅዳር 1 አሁንም የጸና ነው። ለፈተና ወይም ለተጨማሪ ጥያቄ በዚህ ሳምንት በማንኛውም ጠዋት እመጣለሁ።

ኢሜይል ካልተመለሰ አንድ ጊዜ መደወል በእኛ አገር ነውር የለውም፤ ብዙ ድርጅት ውጤት የሚናገረው በስልክ ነው። ስልኩ ላይ ግን ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። ስም፣ የሥራ መደብ፣ የኢንተርቪው ቀን፣ "የላክሁት ገጽ ደርሷችሁ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው" ማለት በቂ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ለመደወል ምክንያት ትሆናለች፣ ያልተከፈተውን አባሪ ደግሞ ታስከፍታለች። ኃላፊው ቴሌግራም ላይ ቢገኝ እንኳ እነሱ በዚያ ካልጻፉላት እሷ አትጀምር።

ከሁለት መልእክትና ከአንድ ስልክ በኋላ ዝምታው ከቀጠለ ያ ድርጅት ቀርቷል ብሎ ማሰብና ወደ ቀጣዩ ማስታወቂያ መሄድ ነው። የስሌቱ ገጽ አይጣልም፤ የሚቀጥለው ኢንተርቪው ላይ ታትሞ ይያዛል፣ ጥያቄው ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።